ስክሪፕቱ ሲከለስ ቁጥሩ እንዳይነቃነቅ፦ ከደሴ የተጻፈ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ኅዳር 4

ይህ ማስታወሻ የሚከታተለው ሥራ ለአንድ የመስኖ ፕሮጀክት የምናዘጋጀው፣ ሃያ ደቂቃ ገደማ የሚረዝም አስተማሪ ድራማ ነው። ታሪኩ የሚሆነው በሐይቅ ከተማ አካባቢ፣ አንድ የመስኖ ቦይ በተራ በሚካፈሉ አርሶ አደሮች መካከል ነው። ከድጃ የውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበሩ ወጣት ጸሐፊ ናት፤ አባ ይመር ደግሞ ተራውን ሲያስጠብቁ የኖሩ የውሃ አባት ናቸው። ስክሪፕቱ 22 ትዕይንቶች አሉት። ቀረጻው የበልጉ ዝናብ ሳይጀምር እንዲያልቅ ስለምንፈልግ የክለሳው ሥራ ከጥር በፊት መጠናቀቅ አለበት።

ዛሬ ሁለተኛው ረቂቅ ለደንበኛው ይላካል። ከመላኩ በፊት የወሰንነው ነገር የትዕይንት ቁጥሮቹን ከአሁኑ መቆለፍ ነው። በፊልም ሥራ የተለመደው ስክሪፕቱ በደራሲው እጅ እስካለ ድረስ ቁጥሩ ልቅ ሆኖ እንዲቆይና የቀረጻ መርሐ ግብር ሊወጣ ሲል እንዲቆለፍ ነው። ምክንያቱም መርሐ ግብሩ፣ የአልባሳትና የቁሳቁስ ዝርዝሩ፣ የተዋንያን ጥሪ፣ ሁሉም በትዕይንት ቁጥር ላይ ስለሚቆም ነው። እኔ ግን ለደንበኛ በሚሠራ ስክሪፕት ላይ ቁጥሩ መቆለፍ ያለበት ረቂቁ ለአስተያየት በወጣበት ቀን ነው ብዬ አምናለሁ። ደንበኛው «14ኛው ትዕይንት ረዝሟል» ብሎ ሲጽፍ፣ ያ 14 እስከ ሥራው መጨረሻ ድረስ አንድ ቦታ ብቻ ማመልከት አለበት። ቁጥሩ ልቅ ከሆነ አምስተኛው ትዕይንት በተሰረዘ ማግሥት 14 የነበረው 13 ይሆናል፤ ደንበኛው በእጁ ያለውን ወረቀት እያየ የሚናገረውና እኛ በአዲሱ ፋይል ላይ የምናየው ይለያያል። ክፋቱ ይህ ስህተት ራሱን አይገልጥም። 14 የሚባል ትዕይንት በሁለቱም ወረቀቶች ላይ ስላለ ሁለቱም ወገኖች የተግባቡ መስሏቸው ስልኩን ይዘጋሉ።

የምንጽፈው ፋውንቴን በሚባለው ግልጽ የጽሑፍ አሠራር ነው፤ ማንኛውም ኮምፒውተርና ስልክ ይከፍተዋል። ይህ አሠራር ለአማርኛ ሁለት ነገሮችን ይጠይቃል። የትዕይንት ርእስን የሚለየው በእንግሊዝኛው የውስጥና የውጭ ምሕጻረ ቃል ስለሆነ፣ አማርኛ ርእስ ፊት ላይ ነጥብ መደረግ አለበት። የተናጋሪን ስም የሚለየው ደግሞ በትልልቅ ፊደላት መጻፉን አይቶ ነው፤ የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ ስለሌለው ከስሙ በፊት የ`@` ምልክት እናስገባለን። ቁጥሩ በርእሱ መጨረሻ በሁለት `#` መካከል ይጻፋል።

```
.ውጭ - ዋርካው ሥር - ረፋድ #14#

@ከድጃ
አባባ፣ አንቱ ያላዩት ተራ የለም።
```

በዚህ አሠራር «ቆልፍ» የሚባል አዝራር የለም። ቁጥሩ በእጅ ከተጻፈ ተቆልፏል፤ ካልተጻፈ ፕሮግራሙ ስክሪፕቱ በተከፈተ ቁጥር እንደ አዲስ ይቆጥራል። ስለዚህ ዛሬ 22ቱን ርእሶች አንድ በአንድ አልፌ ቁጥራቸውን ጻፍሁ። ፋይሉ የፋይል ዕትሞችን በሚያስቀምጠው በጊት ውስጥ `v2.0` የሚል መለያ ተሰጥቶት ለደንበኛው በፒዲኤፍ ተላከ። የመለያው ደንብ እንዲህ ነው፦ የፊተኛው ቁጥር የሚጨምረው ስክሪፕቱ ከቤታችን ሲወጣ ብቻ ነው፤ ከነጥቡ በኋላ ያለው እዚሁ እርስ በርሳችን ስንሠራ ይጨምራል። ደንበኛው `v2.0`ን እና `v3.0`ን ያያል፤ `v2.1`ን ግን ፈጽሞ አያይም። በፋይል ስም ውስጥ «የመጨረሻ» የሚል ቃል አይገባም፤ ቀንም ብቻውን መለያ አይሆንም። 03/04 የሚል ቀን በእኛና በፈረንጆቹ አቆጣጠር የተለያየ ነገር ነው፤ ከደንበኛው ቢሮ ደግሞ ሁለቱንም የሚጠቀሙ ሰዎች አሉ።

ኅዳር 13

አስተያየቶቹ ገብተዋል፤ አንዱ ከሌላው በተለየ መልክ ነው የመጡት። የደንበኛው ተወካይ በቴሌግራም የድምፅ መልእክቶች ልከዋል። የሰብል ባለሙያው ፒዲኤፉን አሳትመው ዳር ዳሩ ላይ በእስክርቢቶ ጽፈውበት ፎቶ አንስተው ልከዋል። ከቢሮው ጸሐፊ ደግሞ ሙሉ ጽሑፉ በወርድ ተገልብጦ፣ እርማቱ በውስጡ ተደርጎበት መጥቷል።

ስክሪፕቱን ገና አልነካሁትም። የመጀመሪያው ሥራ ሁሉንም አስተያየት ወደ አንድ የኤክሴል መዝገብ ማስገባት ነው። እያንዳንዱ አስተያየት የራሱ ተራ ቁጥር፣ የተናጋሪው ማንነት፣ የመጣበት መንገድ፣ የትዕይንት ቁጥርና የተናገረበት ዕትም ይኖረዋል። ቀጥሎ ሁለት ዓምዶች ጎን ለጎን ይመጣሉ፦ አንዱ «የተባለው»፣ ሌላው «የተረዳነው»። በመጀመሪያው የሰውየው ቃል ሳይቀየር ይገባል፤ የድምፅ መልእክትም ቢሆን እንደተነገረ ይጻፋል። በሁለተኛው እኛ ምን ልንሠራ እንዳሰብን ይጻፋል። እነዚህ ሁለቱ መቀላቀል የለባቸውም። «ትዕይንቱ ይሰለቻል» የሚለው የሰማነው ነው፤ «ንግግሩ በግማሽ ይቀንስ» የሚለው ግን የእኛ ትርጓሜ ነው፤ ደንበኛው በኋላ «እኔ እንዲህ አላልኩም» ቢል የምንመለስበት የራሱ ቃል መኖር አለበት።

ጊዜ የወሰደው የሰብል ባለሙያው ፎቶ ነው። ቁጥር የጠቀሱት በገጽ ነው፤ «ገጽ 11፣ ከታች» ይላል። እኛ የላክነው ፒዲኤፍ ገጽ 11 ላይ ከታች ያለው ባዶ ቦታ ነው። ፎቶውን አጉልቼ ሳየው ፊደሉ የእኛ አይደለም፤ ሲያሳትሙ ጽሑፉ ወደ ሌላ ፕሮግራም ተገልብጦ የአማርኛው ፊደል ስለተቀየረ የገጹ አከፋፈል ተንሸራቷል። ግን በፎቶው ጥግ ላይ ከአስተያየቱ ሁለት መስመር ከፍ ብሎ `9` የሚል የትዕይንት ቁጥር በግማሽ ይታያል። ገጹ ቢንሸራተትም ቁጥሩ ከርእሱ ጋር ተጽፎ ስለነበር አብሮ ሄዷል። አስተያየቱ ስለ ትዕይንት 9 መሆኑን በዚያ አወቅን፤ ደውለንም አረጋገጥን። ከዛሬ ጀምሮ በፒዲኤፉ የመጀመሪያ ገጽ ላይ «እባክዎ አስተያየትዎን በትዕይንት ቁጥር ይግለጹ፤ በገጽ አይግለጹ» የሚል ዓረፍተ ነገር ገብቷል።

ኅዳር 16

በመዝገቡ ላይ 31 አስተያየቶች አሉ። ዛሬ ለእያንዳንዱ ውሳኔ ለመስጠት ከዳይሬክተሩ ጋር ተቀመጥን። ውሳኔው «ተቀብለናል»፣ «በከፊል»፣ «አልተቀበልንም» ወይም «ጥያቄ አለን» ከሚሉት አንዱ ነው፤ ከመጀመሪያው በቀር ሁሉም ምክንያቱ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፍለታል።

ሁለቱ አስተያየቶች እርስ በርሳቸው ይጋጫሉ። ተወካዩ አባ ይመር በስብሰባው ላይ ተቆጥተው እንዲነሡ ይፈልጋሉ፤ በዚያው ቢሮ ያሉ ሌላ ሰው ደግሞ አዛውንቱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የተረጋጉ እንዲሆኑ ጽፈዋል። እንዲህ ሲሆን ደራሲው መካከለኛ መንገድ ለመፈለግ ይፈተናል፤ ውጤቱም ማንንም የማያስደስት ትዕይንት ነው። እኛ የመረጥነው ሁለቱን አስተያየቶች በየቁጥራቸው አጠገብ ለአጠገብ አድርጎ በደብዳቤ መመለስና የቢሮውን አንድ መልስ መጠየቅ ነው። ውሉ ላይ በደንበኛው በኩል ውሳኔ የሚሰጠው አንድ ሰው እንደሆነ መጻፉ የጠቀመን እዚህ ላይ ነው። እስከዚያ ድረስ ሁለቱም «ጥያቄ አለን» ተብለው ይቆያሉ፤ የሚመለከቱት ትዕይንት 14ም አይነካም።

ኅዳር 19

በወርድ የመጣውን ቅጂ ከእኛው ጋር አነጻጸርሁት። ማነጻጸሪያው ገጹን ሁሉ ቀይ አደረገው። ቀረብ ብዬ ሳይ አብዛኛው የሐሳብ ለውጥ አልነበረም፤ የፊደል ምርጫ ነው። እኛ «ፀሐይ» ያልነው «ጸሀይ» ሆኗል፤ «ሥራ» «ስራ» ተብሏል፤ አራት ነጥባችን በአንዳንድ ቦታ በሁለት ሁለት ነጥቦች ተተክቷል። ለዓይን አንድ የሚመስለው ለኮምፒውተር ሌላ ነው። በዚህ ሁሉ ቀይ መካከል በትዕይንት 6 ላይ «ሦስት ሰዓት» የነበረው የውሃ ተራ «ሁለት ሰዓት» ሆኗል። ይህ ደግሞ ዋና ለውጥ ነው፤ በትዕይንት 14 የሚነሣው ክርክር የሚቆመው በዚያ አንድ ሰዓት ልዩነት ላይ ነው።

የወሰንነው የፊደሉን እርማትና የይዘቱን ክለሳ በአንድ ዕትም ውስጥ ላለመቀላቀል ነው። መጀመሪያ የአጻጻፍ ገጽ አዘጋጀን፤ በስክሪፕቱ ውስጥ ተደጋግመው የሚመጡና ከአንድ በላይ አጻጻፍ ያላቸው ቃላት በየትኛው ፊደል እንደሚጻፉ የሚያሳይ ግማሽ ገጽ ነው። በእርሱ መሠረት ስክሪፕቱን አስተካክለን `v2.1` ብለን መለያ ሰጠነው። በዚህ ዕትም አንድም ሐሳብ አልተለወጠም። የወርዱንም ቅጂ በተመሳሳይ መንገድ አስተካክለን እንደገና ስናነጻጽራቸው ቀይ የቀረው ስድስት ቦታ ብቻ ነበር፤ ስድስቱም እውነተኛ አስተያየቶች ስለሆኑ ቁጥር ተሰጥቷቸው መዝገቡ ገቡ። የመዝገቡ ቁጥር አሁን 37 ደርሷል።

በጊት ለማነጻጸር ለሚሞክር ሰው አንድ ነገር ልጨምር። ተራው ማነጻጸሪያ የሚሠራው በመስመር ነው፤ አንድ ረጅም የድርጊት አንቀጽ በአንድ መስመር ስለሚጻፍ ከውስጡ አንድ ቃል ቢቀየር አንቀጹ በሙሉ እንደተቀየረ ያሳያል። በቃል ደረጃ ለማየት እንዲህ ይጠየቃል፦

```
git diff --word-diff v2.0 v2.1 -- wuha.fountain
```

ይህ ቃላትን የሚለየው በባዶ ቦታ ነው። ስለዚህ አራት ነጥብን ከቃሉ ጋር አጣብቆ መጻፍና አለማጣበቅም እንደ ለውጥ ይቆጠራል፤ በአጻጻፍ ገጹ ላይ ይህንንም ወስነናል።

ኅዳር 25

የደንበኛው መልስ መጣ፤ አባ ይመር ይቆጣሉ። አሁን ወደ ስክሪፕቱ መግባት ይቻላል። ዛሬ የተሠሩት ሦስቱ ለውጦች የተቆለፈ ቁጥር ሊያጋጥሙት የሚችሉትን ሦስት ነገሮች ስለያዙ፣ ማለትም መሰረዝን፣ መጨመርንና ማዛወርን፣ በዝርዝር እጽፋቸዋለሁ።

መጀመሪያ ትዕይንት 9። ከዓመታት በፊት በሁለት ቤተሰቦች መካከል በውሃ የተነሣ ጠብ የሚታይበት ነው፤ ርእሱ «ሐምሌ» ይላል። የሰብል ባለሙያው በእስክርቢቶ የጻፉት ይህ ነው፦ «በሐምሌ ቦዩ ሞልቶ ይፈሳል፤ ለውሃ የሚጣላ የለም። ጠብ የሚነሣው በበጋ፣ ይልቁንም የበልጉ ዝናብ ሲዘገይ ነው።» ልክ ናቸው። ወሩን ብቻ መቀየር ይበቃል ብለን ነበር፤ ነገር ግን ትዕይንቱ የቆመው በጭቃና በዝናብ ላይ ስለሆነ በደረቅ ወር ትርጉም አይኖረውም። ዳይሬክተሩም ያለፈ ታሪክ ማሳየት የቀረጻ ቀን እንደሚጨምር አስቀድሞ ተናግሮ ስለነበር እንዲወጣ ወሰንን።

የተሰረዘ ትዕይንት ግን ከስክሪፕቱ አይጠፋም። ይዘቱ ይወጣል፤ ርእሱ «ተሰርዟል» ተብሎ ከቁጥሩ ጋር ይቀመጣል፦ `#9#`። ይህ ካልተደረገ ከ8 ወደ 10 የሚዘለው አንባቢ ገጽ የጎደለበት ይመስለዋል፤ ፕሮዳክሽን ማናጀሩም 9 ተረስቶ ይሁን ተሰርዞ አያውቅም። የበለጠ ጥንቃቄ የሚፈልገው ግን የተሰረዘው ትዕይንት በሌሎቹ ላይ የተወው ጥላ ነው። ትዕይንት 16 ላይ አንዱ አርሶ አደር «ያን የሐምሌ ዕለት ረሳኸው?» ይላል። ተመልካቹ ያላየውን ዕለት ሊያስታውስ አይችልም። ስለዚህ በመዝገቡ ላይ «ተያያዥ ትዕይንቶች» የሚል ዓምድ ጨመርን፤ 9 ሲሰረዝ 16 አብሮ ይስተካከላል፤ የጠቡ ታሪክም በትዕይንት 11 በከድጃ እናት አንደበት በሁለት ዓረፍተ ነገር ይገባል።

ሁለተኛው ትዕይንት 14 ነው፤ የማኅበሩ ስብሰባ በዋርካው ሥር። ተወካዩ ረዝሟል ብለዋል፤ እውነትም ረዝሟል፤ አራት ገጽ ሊሞላ ትንሽ ቀርቶታል። ያረዘመው በመካከሉ ከድጃ የተራ መዝገቡን ከፍታ ያለፈውን ሳምንት ስታነብ የምትቆይበት ክፍል ነው። ይህን ከስብሰባው አውጥተን ማታ በቤቷ በኩራዝ ብርሃን መዝገቡን ስታገላብጥ የምታሳይ አጭር ትዕይንት አደረግነው። አዲሱ ትዕይንት በ14 እና በ15 መካከል ይገባል። ምን ቁጥር ይሰጠው?

እዚህ ላይ ብዙ ተነጋግረናል። አንዱ ሐሳብ በራሳችን ፊደል ሀ፣ ለ፣ ሐ እያልን እንድንቀጥል ነበር። ድምፅ ባለሙያው ሁለት እንቅፋት አነሣ። ክላፐር ሲመታ ቁጥሩ በቃል ስለሚጠራ ሀ እና ሐ አይለዩም፤ የእርሱም መቅጃ ፊደላችንን አይቀበልም። ስለዚህ በላቲን ፊደል ተስማማን፤ አንድን እና ዜሮን የሚመስሉት `I` እና `O` እንደተለመደው ይዘለላሉ። ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ ፊደሉ ከቁጥሩ በኋላ ይምጣ ወይስ በፊት የሚለው ነበር። ብዙዎች `14A` ይላሉ። እኛ ግን ሲቀረጽ የካሜራ አቀማመጥ በተቀየረ ቁጥር ከትዕይንቱ ቁጥር በኋላ ፊደል እንጨምራለን፤ የ14ኛው ትዕይንት ሁለተኛ አቀማመጥ `14A` ተብሎ ክላፐሩ ላይ ይጻፋል። አዲሱም ትዕይንት `14A` ከተባለ ኤዲተሩ ፊት ሁለት `14A` ይቀርባሉ፤ አንዱ ዋርካው ሥር፣ አንዱ በከድጃ ቤት። ስለዚህ ፊደሉን ወደፊት አመጣነው፦ `A15`፤ ትርጉሙም «ከ15 በፊት የገባ» ማለት ነው። ሁለተኛ ትዕይንት ቢጨመር ከእርሱ ቀጥሎ `B15` ይሆናል። የአዲሱ ትዕይንት ሁለተኛ የካሜራ አቀማመጥ `A15A` ተብሎ ይጻፋል፤ ሲጠራ ረዘም ይላል እንጂ ከማንም ጋር አይምታታም።

ሦስተኛው ማዛወር ነው። ትዕይንት 17፣ አባ ይመር ሌሊት ሲነጋጋ ብቻቸውን ቦዩን ተከትለው የሚሄዱበት፣ ከስብሰባው በፊት ቢመጣ ቁጣቸው ከየት እንደመጣ ተመልካቹ ይረዳል፤ አስተያየቱ የዳይሬክተሩ ነው። ቀላሉ መንገድ 17ን እንዳለ ቆርጦ ከ12 በፊት መለጠፍ ይመስላል። ነገር ግን በ11 እና በ12 መካከል 17 የሚል ቁጥር ካለ ስክሪፕቱን የሚያነብ ሁሉ ገጾቹ የተደባለቁ ይመስለዋል። ስለዚህ ይዘቱ `A12` የሚል አዲስ ቁጥር ይዞ ይገባል፤ 17 ባለበት «ተሰርዟል፤ ወደ `A12` ተዛውሯል» ይባላል። ተዛውሯል የሚለው ቃል ቢጠፋ ደንበኛው የወደደው ትዕይንት የወጣ መስሎት ይደውላል።

ኅዳር 28

አንድ አስተያየት ስክሪፕቱን በሙሉ የሚነካ ሆነ። ንግግሩን እንዲያዩልን የለመንናቸው የሐይቅ አዛውንት ስክሪፕቱን ስናነብላቸው ሰምተው «ልጄ፣ እዚህ አገር አባ ይመርን የሚያህል ሰው አንተ የሚል ልጅ የለም፤ የውሃ አባትን አንቱ ነው የምንለው» አሉን። በረቂቁ ውስጥ ወጣቱ እንድሪስ አዛውንቱን በንዴት «አንተ» ይላቸው ነበር። አንዱን ትዕይንት ለማካረር ተብሎ የገባ ነበር፤ ነገር ግን እርሳቸው እንዳሉት የወሎ ልጅ ቢናደድም «አንቱ» እያለ ነው የሚናደደው፤ ይህ ደግሞ ለድራማው ይበልጥ ይስማማል።

እንዲህ ያለውን ለውጥ በፈልግና ተካ መሥራት አይቻልም። «አንተ» የሚለው ቢተካም «አንተ መቼ አየህ» የሚለው «አንቱ መቼ አየህ» ሆኖ ይቀራል፤ ግሡ «አዩ» መሆን አለበት። ከዚያም በላይ በብዙ መስመሮች «አንተ» ራሱ አይጻፍም፤ «ዋሸኸን» የሚለው ቃል በውስጡ ይዞታል። ስለዚህ እንድሪስ የሚናገርባቸውን ትዕይንቶች በሙሉ ድምፄን አውጥቼ አነበብሁ፤ ለአባ ይመር የተነገረውን እያንዳንዱን ግሥ ለይቼ ቀየርሁ። በመዝገቡ ላይ አስተያየቱ አንድ ቁጥር ይኑረው እንጂ በፊቱ የተነካው ትዕይንት ሁሉ ተዘርዝሯል፦ 4፣ 7፣ 14፣ 16፣ 20። ዝርዝሩ ካልተጻፈ ደንበኛው ትዕይንት 20 ላይ ምልክት ሲያይ «ይህን ማን ነካው?» ማለቱ አይቀርም።

ታኅሣሥ 2

`v3.0` ለመውጣት ተዘጋጅቷል። ከመላኩ በፊት ሁለት ምርመራ አደረግን።

የመጀመሪያው ቁጥር እንዳልጠፋ ማረጋገጥ ነው። በ`v2.0` የነበረ ቁጥር ሁሉ በአዲሱ ውስጥ፣ ሕያው ሆኖ ወይም ተሰርዟል ተብሎ፣ መገኘት አለበት።

```
git show v2.0:wuha.fountain | grep -o '#[A-Z0-9]*#' | sort > a.txt
grep -o '#[A-Z0-9]*#' wuha.fountain | sort > b.txt
comm -23 a.txt b.txt
uniq -d b.txt
```

ሦስተኛው መስመር በአሮጌው ኖሮ በአዲሱ የጠፋ ቁጥር ያሳያል፤ አራተኛው ሁለት ጊዜ የተጻፈ ቁጥር ያሳያል። ሁለቱም ምንም ሳያሳዩ ካለፉ ደህና ነው። ዛሬ አራተኛው `#16#` አሳየን። የተስተካከለው ትዕይንት 16 ከአሮጌው በታች ተለጥፎ አሮጌው ሳይወጣ ቀርቶ ነበር፤ ሁለቱ አንድ ርእስ ስላላቸው በዓይን ማንበብ ብቻ ያሳልፋቸው ነበር። አሮጌው ወጣ። ይህ ምርመራ የማያየው ነገር አለ፦ ቁጥሩ በቦታው ሆኖ ይዘቱ ሙሉ በሙሉ ሌላ ቢሆን አያውቅም። እርሱ በሰው ዓይን ብቻ ይታያል።

ሁለተኛው የክለሳ ምልክቱ ነው። ለውጥ ባለበት መስመር ሁሉ በቀኝ ኅዳግ ኮከብ ምልክት ይደረጋል፤ አንባቢው ስክሪፕቱን እንደገና ከዳር እስከ ዳር ሳያነብ ኮከቦቹን ተከትሎ እንዲሄድ ነው። ኮከቡ የሚያሳየው ከ`v2.0` ወዲህ የተለወጠውን ብቻ ነው፤ `v4.0` ሲሠራ የዛሬዎቹ ኮከቦች ሁሉ ጠፍተው እንደ አዲስ ይጀመራል። የቆዩት ካልጠፉ በሦስተኛው ዙር ገጹ በኮከብ ይሞላና ምልክቱ ምንም አይናገርም። መስመር ሲወጣ ምልክት የሚደረግበት ቦታ ስለማይኖር ኮከቡ ከተረፈው ቀጣይ መስመር ጎን ይቀመጣል። የ`v2.1` የፊደል እርማት ግን ኮከብ አልተደረገለትም፤ በመሸኛ ደብዳቤው ላይ በአንድ ዓረፍተ ነገር ተገልጿል። ደንበኛው «ስራ» «ሥራ» የሆነበትን ቦታ ሁሉ እንዲያይ ማድረግ እውነተኛዎቹን ለውጦች መቅበር ነው።

ከስክሪፕቱ ጋር የሚሄደው መሸኛ በትዕይንት ቅደም ተከተል የተጻፈ ነው፤ በእያንዳንዱ ትዕይንት ሥር የተለወጠውና ለውጡን ያመጣው የአስተያየት ቁጥር አለ። ለምሳሌ ለ`A15` የተጻፈው እንዲህ ይላል፦ «አዲስ ትዕይንት። ከትዕይንት 14 የወጣ የመዝገብ ንባብ። አስተያየት 7።» ያልተቀበልናቸው አስተያየቶች በመጨረሻ ከነምክንያታቸው ተዘርዝረዋል። አስተያየቱ ዝም ብሎ ከታለፈ በሚቀጥለው ዙር በሌላ ቃል ተመልሶ ይመጣል።

ታኅሣሥ 14

ደንበኛው `v3.0`ን በፊርማ አጸደቀ። ሁለት ትንንሽ ማስተካከያዎች ነበሩ፤ ሁለቱም በንግግር ውስጥ ናቸው፤ ቁጥር አልነኩም።

ወደ ቀረጻ ከመግባታችን በፊት ዳይሬክተሩ «ቁጥሩን አሁን እንደ አዲስ ከ1 ጀምረን ብናስተካክለውስ?» ብሎ ጠየቀ። ፊደል የተቀላቀለበት ቁጥር ለዓይን አያምርም፤ መርሐ ግብሩም ገና አልወጣም፤ ስለዚህ ማድረግ የሚቻልበት የመጨረሻው ሰዓት ይህ ነው። ከተደረገ የድሮውንና የአዲሱን ቁጥር ጎን ለጎን የሚያሳይ ሠንጠረዥ ተሠርቶ ደንበኛው ሊፈርምበት ይገባል። ፊደል ያላቸው ትዕይንቶች ከስድስት ሰባት ቢበልጡ እኔም እስማማ ነበር። ያሉን ግን ሁለት ብቻ ናቸው፤ የአስተያየቶቹ መዝገብና ሁለቱ መሸኛ ደብዳቤዎች ደግሞ ሁሉም በድሮው ቁጥር ነው የተጻፉት። ባለበት እንዲቆይ ተስማማን።

ከእንግዲህ የሚመጣ ለውጥ በቀለም ስም ይጠራል። የተለመደው ቅደም ተከተል ነጭ፣ ሰማያዊ፣ ሮዝ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ እያለ ይቀጥላል፤ የጸደቀው ነጭ ነው፤ ቀጥሎ የሚመጣው ሰማያዊ ይሆናል። በትልልቅ ሥራዎች የተለወጡት ገጾች ብቻ በዚያ ቀለም ወረቀት ታትመው ይታደላሉ፤ የገጽ ቁጥርም እንደ ትዕይንቱ ይቆለፋል። የእኛ ስክሪፕት አጭር ስለሆነ የገጽ ቁጥር አልቆለፍንም፤ ሙሉውን እንደገና ማተም ይቀላል። ባለቀለም ወረቀት ሁልጊዜ ስለማይገኝም የቀለሙን ስም በእያንዳንዱ ገጽ ራስጌ ላይ በጉልህ እንጽፋለን፤ አዲሱ ሲታደል አሮጌው ከሁሉም እጅ ይሰበሰባል። አሮጌውን መሰብሰቡ ከቀለሙ ይበልጣል። አንድ ተዋናይ የድሮውን ወረቀት ይዞ «አንተ» እያለ ንግግሩን ቢያጠና፣ የኅዳር ድካም ሁሉ በቀረጻው ሜዳ ላይ ይመለሳል።

ታኅሣሥ 20

የመጀመሪያው ሰማያዊ ለውጥ መጣ። ቦታ ለማየት ሐይቅ የሄደው ቡድን ትዕይንት 3 የሚቀረጽበት የቦይ መክፈቻ ተሠርቶ በብረት መዝጊያ መተካቱን ነግሮናል፤ ስክሪፕቱ ግን አባ ይመር ቦዩን በአፈርና በድንጋይ ሲዘጉ ያሳያል። ሌላ ቦታ መፈለግ ወይም ድርጊቱን መቀየር ነው ያለው። ጉዳዩ የውሃ አያያዝን ስለሚነካ ደንበኛው ሳያውቀው አይቀየርም፤ አዲስ አስተያየት ሆኖ መዝገብ ገብቷል፤ ምንጩ «የቀረጻ ቡድን»፣ ውሳኔው «ጥያቄ አለን»፣ ተያያዥ ትዕይንቶች `A12` እና 21። መልሱ እስኪመጣ ትዕይንት 3 ከመርሐ ግብሩ የመጀመሪያ ቀን ወጥቶ ወደ መጨረሻው ተዛውሯል፤ ፕሮዳክሽን ማናጀሩም ለተዋንያኑ ደውሎ አስታውቋል።